የኤአርዲኤል የወሰን ፈተና፦ የረጉና አዝማሚያ ያላቸው ተከታታዮች ሲቀላቀሉ

የኤአርዲኤል የወሰን ፈተና፣ ተማሪዎች እንደሚሉት «ባውንድስ ቴስት»፣ በጊዜ ተከታታይ መረጃዎች መካከል የረጅም ጊዜ ግንኙነት መኖር አለመኖሩን የሚፈትሽ ዘዴ ነው። ኤአርዲኤል ማለት አውቶሪግሬሲቭ ዲስትሪቢዩትድ ላግ ነው። የዛሬ መልኩን ያገኘው ሐሼም ፔሳራን፣ ዮንግቾል ሺን እና ሪቻርድ ስሚዝ በፈረንጆች 2001 በጆርናል ኦፍ አፕላይድ ኢኮኖሜትሪክስ ባሳተሙት ጽሑፍ ነው። በኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲዎች የማክሮ ኢኮኖሚክስ የማስተርስ ጥናት የሠራ ሰው ስሙን ሳይሰማ አይቀርም። ዓመታዊ መረጃችን አጭር ነው፤ ተከታታዮቹም አንድ ዓይነት ጠባይ የላቸውም። ዘዴው የተበጀውም ለእንዲህ ዓይነቱ ችግር ነው።

ችግሩ የሚጀምረው ከተከታታዮቹ ጠባይ ነው። አንዳንዱ ተከታታይ በአንድ አማካይ ዙሪያ ይዋዥቃል፤ ድንገት ቢርቅም ተመልሶ ይመጣል። ይህ የረጋ ወይም I(0) ይባላል። ሌላው ደግሞ ከሄደበት አይመለስም። የዛሬው ድንጋጤ ነገም፣ ከነገ ወዲያም አብሮት ይኖራል። ይህኛው I(1) ነው፤ የሚረጋው ለውጡ ሲወሰድ ብቻ ነው። እንደ ጂዲፒ ያለው ደረጃ አብዛኛውን ጊዜ I(1) ይሆናል፤ የዕድገት ምጣኔው ግን የረጋ ነው። ሁለት የማይገናኙ I(1) ተከታታዮችን በተራ ሪግሬሽን ብናያይዛቸው ጠንካራ የሚመስል የሐሰት ግንኙነት ሊወጣ ይችላል። ይህን ግሬንጀር እና ኒውቦልድ በ1974 አሳይተዋል።

ከ2001 በፊት የነበሩት ሁለት ዋና መንገዶች፣ የኤንግል እና ግሬንጀር (1987) እና የጆሃንሰን (1988)፣ በተለመደው አጠቃቀማቸው ተከታታዮቹ ሁሉ I(1) መሆናቸውን አስቀድሞ ማረጋገጥን ይጠይቃሉ። ማረጋገጫው የዩኒት ሩት ፈተና ነው። የ35 ዓመት መረጃ ይዞ ይህን ፈተና የሞከረ ግን አስተማማኝ እንዳልሆነ ያውቃል። ዲኪ-ፉለር «አልረጋም» ያለውን ኬፒኤስኤስ «ረግቷል» ሊለው ይችላል። ላግ፣ ማለትም እኩልታው ወደ ኋላ የሚያየው ጊዜ፣ በአንድ ሲጨመር ውጤቱ ይገለበጣል። እንግዲህ በማይታመን ፈተና ላይ ሁለተኛ ፈተና መደርደር ነው።

የፔሳራንና የባልደረቦቹ መፍትሔ ብልህ ነው። ገላጭ ተለዋዋጮቹ የትኛው ዓይነት እንደሆኑ እርግጠኛ መሆን ካልቻልን ሁለቱን ጫፎች እናስላ አሉ። አንዱ ጫፍ ገላጮቹ ሁሉ I(0) ናቸው ብሎ ይነሳል፤ የታችኛውን ወሰን ይሰጣል። ሌላው ሁሉም I(1) ናቸው ብሎ ይነሳል፤ የላይኛውን ወሰን ይሰጣል። ድብልቁ በመካከል ይወድቃል። የሚገመተው እኩልታ ይህን ይመስላል፤ y ጥገኛው ተለዋዋጭ፣ x ገላጩ፣ Δ ደግሞ ለውጥ ነው፦

```
Δy(t) = c + π·y(t-1) + θ·x(t-1) + Σ a(i)·Δy(t-i) + Σ b(j)·Δx(t-j) + u(t)
```

ፈተናው π እና θ በአንድነት ዜሮ ናቸው ወይ ብሎ ይጠይቃል። የሚወጣው የኤፍ ቁጥር ከላይኛው ወሰን በላይ ከሆነ የደረጃ ግንኙነት፣ ማለትም የረጅም ጊዜ ግንኙነት፣ አለ ይባላል። ከታችኛው በታች ከሆነ የለም። በመካከል ከወደቀ ፈተናው አይፈርድም፤ ያኔ ስለ ተከታታዮቹ ጠባይ ተጨማሪ ማወቅ ግድ ይላል። ቁጥሩን ከተለመደው የኤፍ ሰንጠረዥ ጋር ማነጻጸር ስህተት ነው፤ ዘዴው የራሱ ሰንጠረዥ አለው። ሰንጠረዡም በገላጮቹ ብዛት፣ እንዲሁም ቋሚ ቁጥርና የጊዜ አዝማሚያ በሚገቡበት መንገድ ይለያያል። በዚህ ረገድ አምስት ሁኔታዎች አሉ። በብዛት የሚሠራበት ሦስተኛው ነው፤ ቋሚ ቁጥር አለ፣ አዝማሚያ የለም። ተከታታዩ በግልጽ ወደ ላይ እየወጣ አዝማሚያን መተው ግን ምክንያት ሊቀርብለት ይገባል።

ዘዴው ሲሠራ ለማየት ከራሱ ከ2001ዱ ጽሑፍ የተሻለ ምሳሌ የለም። ጸሐፊዎቹ የወሰዱት የእንግሊዝን የደመወዝ እኩልታ ነው፤ መረጃው በሩብ ዓመት የተሰበሰበ ሲሆን ከ1970 እስከ 1997 ይደርሳል። የሚብራራው እውነተኛ ደመወዝ ነው። ገላጮቹ አራት ናቸው፦ ምርታማነት፣ ሥራ አጥነት፣ የሠራተኛ ማኅበራት ጉልበት፣ እንዲሁም አሠሪው በሚከፍለውና ሠራተኛው በሚደርሰው መካከል ያለው ክፍተት። ምርታማነት በግልጽ አዝማሚያ ያለው ነው። ስለ ሥራ አጥነት ግን ባለሙያዎች አይስማሙም፤ የረጋ ነው የሚል አለ፣ አይደለም የሚልም አለ። ድብልቁ ያለው እዚህ ላይ ነው።

መጀመሪያ የላግ ብዛት መወሰን ነበረበት። ኤአይሲ የተባለው መስፈርት 6 አለ። ኤስቢሲ ደግሞ አዝማሚያ በሌለው እኩልታ 4 አለ። ጸሐፊዎቹ በሁለቱ መስፈርቶች ብቻ አልወሰኑም። የወሰኖቹ ሰንጠረዥ የሚሠራው ቀሪዎቹ እርስ በርስ ካልተያያዙ ብቻ ነው። ስለዚህ የሲሪያል ኮሪሌሽን ፈተናውን አዩና 5 ወይም 6 መውሰድ ይሻላል አሉ። ቢሆንም ለ4፣ ለ5 እና ለ6 የወጣውን ውጤት ሁሉ ዘርዝረው አሳይተዋል።

ውጤቱን በሦስተኛው ሁኔታ እንየው። ለአራት ገላጮች የ5 በመቶ ወሰኖች 2.86 እና 4.01 ናቸው። በ4 ላግ የኤፍ ቁጥሩ 3.63 ሆነ፤ በመካከል ወደቀ። በ5 ላግ 5.23፣ በ6 ላግ 5.42 ሆነ፤ ሁለቱም ከላይኛው ወሰን አለፉ። መረጃው ያው ነው፣ ተለዋዋጮቹም እነዚያው ናቸው። «አይታወቅም» የሚለውን ወደ «ግንኙነት አለ» የቀየረው አንድ ላግ ነው። በጥናታችን ላይ «ላጉን ሶፍትዌሩ መረጠው» ብሎ ማለፍ የማያዋጣው ለዚህ ነው። ኤስቢሲ አጭር ላግ ሲመርጥ ቀሪዎቹን መፈተሽ የግድ ነው።

ሁለተኛው ፈተና ብዙ ጊዜ ይዘለላል። እሱም የ π ብቻ የቲ ቁጥር ነው፤ የራሱ ወሰኖች አሉት። በዚሁ ምሳሌ የ5 በመቶ ወሰኖቹ -2.86 እና -3.99 ናቸው። በ5 ላግ የወጣው -4.00 ነው፤ ለጥቂት አለፈ። በ6 ላግ -3.48 ሆነ፤ አልወሰነም። ደራሲዎቹ ይህንንም ሳይደብቁ አስቀምጠውታል። በመጨረሻ በገመቱት እኩልታ የማስተካከያው ኮፊሸንት፣ ማለትም π፣ -0.229 ነው። ደመወዝ ከረጅም ጊዜ መስመሩ ሲወጣ ከክፍተቱ 23 በመቶ ያህሉ በአንድ ሩብ ዓመት ይታረማል ማለት ነው።

የቲ ፈተናው የሚያስፈልገው ኤፍ ብቻውን ሊያሳስት ስለሚችል ነው። ኤፍ ትልቅ ሆኖ የወጣው ከ θ ብቻ የተነሳ ሊሆን ይችላል፤ π ዜሮ ከሆነ ወደ ሚዛን የሚመልስ ነገር የለም። በተቃራኒው π ብቻውን ጠንካራ ሆኖ θ ዜሮ ሊሆንም ይችላል። ያኔ ጥገኛው ተለዋዋጭ ድሮውንም የረጋ ነው፤ ከገላጮቹ ጋር የደረጃ ግንኙነት የለውም። የ2001ዱ ጽሑፍ ጥገኛው ተለዋዋጭ I(1) ነው ብሎ ስለሚነሳ ይህን ሁለተኛ ጉዳይ አስቀድሞ ይዘጋዋል። «ድብልቅ ቢሆንም ችግር የለም» የሚለው ፈቃድ እንግዲህ የተሰጠው ለገላጮቹ ነው። ጥገኛውን አይጨምርም። ማክናውን፣ ሳም እና ጎህ በ2018 ባወጡት ሥራ የ θን ፈተና ለብቻው ጨምረው ሦስቱም እንዲታለፉ ጠይቀዋል። በእኔ ግምት ጥገኛው የረጋ ሊሆን ይችላል ተብሎ በተጠረጠረ ቁጥር ሦስቱንም ማሳየት ይገባል።

ይህ ስህተት በተማሪ ሥራ ላይ በቀላሉ ይለያል። ጥገኛው ተለዋዋጭ የጂዲፒ ዕድገት ምጣኔ ነው እንበል። ኤፍ 9 ወይም 10 ይወጣል፤ ተማሪው ደስ ይለዋል። የማስተካከያው ኮፊሸንት ደግሞ -0.95 ወይም -1.1 ይሆናል። ይህ ፈጣን ማስተካከያ አይደለም። የዕድገት ምጣኔው የረጋ ስለሆነ በየዓመቱ ወደ አማካዩ እየተመለሰ ነው፤ ኮፊሸንቱም ይህንኑ እየነገረን ነው። መፍትሔው በጂዲፒ ሎግ መሥራት ነው፤ ወይም የረጋውን ተለዋዋጭ በተራ ዳይናሚክ ሪግሬሽን ማብራራትና የረጅም ጊዜ ትስስር የሚለውን አባባል መተው።

የዩኒት ሩት ፈተና አያስፈልግም የሚለው ወሬም ልክ አይደለም። ከተከታታዮቹ አንዱ I(2) ከሆነ፣ ማለትም የሚረጋው ለውጡ ሁለት ጊዜ ሲወሰድ ብቻ ከሆነ፣ ወሰኖቹ አይሠሩም። የዋጋ ደረጃና በብር የሚለካ የገንዘብ አቅርቦት፣ የዋጋ ንረቱ ራሱ አልረጋ ሲል፣ ወደዚያ ሊጠጉ ይችላሉ። ስለዚህ የመጀመሪያው ልዩነት መርጋቱን ማየት ይቀራል። እኩልታውም አንድ አቅጣጫ ብቻ ነው የሚያየው፤ የy ደረጃ ተመልሶ xን የሚነዳ ከሆነ የጆሃንሰን መንገድ ይሻላል።

በስታታ፣ ሰባስቲያን ክሪፕፍጋንዝ እና ዳንኤል ሽናይደር የሠሩት ትእዛዝ ሁለቱንም ፈተናዎች በአንድ ጊዜ ያወጣል፦

```
ardl lny lnx1 x2, maxlags(2) aic ec1
estat ectest
```

ጥቅሙ ወሰኖቹን በናሙናው መጠንና በላጉ ልክ ማስላቱ ነው። የ2001ዱ ሰንጠረዥ የተዘጋጀው ለትልቅ ናሙና ነው። ለ35 ምልከታ ትክክለኛው የላይኛው ወሰን ከዚያ ከፍ ይላል፤ በድሮው ሰንጠረዥ ለጥቂት ያለፈ ውጤት በትንሽ ናሙናው ሰንጠረዥ ሊወድቅ ይችላል። ናራያን በ2005 ከ30 እስከ 80 ምልከታ የሚሆኑ ወሰኖች አሳትሟል። በ35 ዓመታዊ ምልከታ አምስት ገላጭና አራት አራት ላግ ማስገባትም አይቻልም፤ ለመገመት የሚተርፍ መረጃ አይኖርም። ሁለት ወይም ሦስት ገላጭ ይዞ ላጉን በ2 መገደብ ይሻላል።

የመጨረሻው ጉዳይ የሥርዓት ለውጥ ነው። የእንግሊዙ ጥናት በ1970ዎቹ ለነበረው የደመወዝ ቁጥጥር ዳሚ አስገብቷል። ዳሚው ለተወሰነ ጊዜ 1 ሆኖ ወደ ዜሮ የሚመለስ ነው። ጸሐፊዎቹ እንደሚያስጠነቅቁት፣ ዳሚው 1 የሚሆንበት ጊዜ ከናሙናው ሰፊ ድርሻ ከያዘ የወሰኖቹ ሰንጠረዥ መለወጥ አለበት። በኢትዮጵያ መረጃ ግን የተለመደው «ከ1983 ዓ.ም. በኋላ 1» የሚለው ዳሚ ነው። እሱ አንዴ ከበራ አይጠፋም። የታተሙት ወሰኖች እንዲህ ያለውን ዳሚ አያውቁትም። አማራጩ ናሙናውን ከለውጡ በኋላ መጀመር፣ ወይም ወሰኖቹን ለዚያው እኩልታ በቡትስትራፕ ማስላት ነው።