የሠርግ ሃይላይት ስክሪፕት፦ ዋናው ድምፅ ያለው ሙሽሪት ቤት ነው

የሠርግ ሃይላይት አብዛኛውን ጊዜ ከ3 እስከ 5 ደቂቃ የሚሆን አጭር ፊልም ነው። ሙሉው ቪዲዮ ለብቻው ይሠራል። ሃይላይቱ ግን በቴሌግራም የሚዞረው፣ መምጣት ላልቻለው የውጭ አገር ዘመድ ቶሎ የሚላከው ነው። ስክሪፕቱ ከሠርጉ በፊት ይጻፋል። የዕለቱን ቅደም ተከተል፣ ሊያመልጡ የማይገባቸውን ትዕይንቶችና ከምስሉ ጋር የሚሄደውን ንግግር ይይዛል።

አዲስ አበባ ውስጥ የተለመደውን የቅዳሜ ሠርግ እንውሰድ። ጠዋት ሙሽራው ቤት ልብስ ይለበሳል፣ ሙሽሪት ትኳኳላለች። ወደ 4 ሰዓት ተኩል አጀቡ ሙሽሪት ቤት ይደርሳል። ከዚያ የመናፈሻ ፎቶ፣ ከሰዓት በኋላ አዳራሽ፣ ኬክ፣ ጭፈራ። ተክሊል ካለ ቀኑ ከቅዳሴው ጋር ገና በሌሊት ይጀምራል፤ ለቀረጻም ቤተ ክርስቲያኑን አስቀድሞ ማስፈቀድ ያስፈልጋል።

ብዙ የቪዲዮ ባለሙያ ጉልበቱን የሚጨርሰው መናፈሻና አዳራሽ ላይ ነው። እኔ ግን የፊልሙ ልብ ሙሽሪት ቤት ያለው ግማሽ ሰዓት ነው ባይ ነኝ። መናፈሻ ላይ አንድ ነገር ቢያመልጥ «እስቲ ድገሙት» ይባላል። በሩ ላይ ግን መድገም የለም። የሙሽሪት ወገኖች «አናስገባም ሠርገኛ» እያሉ በሩን ይዘጋሉ፣ ሚዜዎች ይለማመጣሉ፣ ሽቶ ይረጫሉ፣ በሩ በድንገት ይከፈታል። ስለዚህ አንዱ ካሜራ ከሙሽራው ጋር ውጭ ይሆናል። ሌላው አስቀድሞ ሳሎን ገብቶ በሩንና ሙሽሪትን በአንድ ፍሬም የሚያይበትን ጥግ ይይዛል። አጀቡ ከደረሰ በኋላ ልግባ ቢል በሰው መሃል ማለፍ አይችልም።

ቀጥሎ ሙሽሮቹ ተንበርክከው የወላጆችን ጉልበት ይስማሉ። አባት ወይም ሽማግሌ ይመርቃል። ፊልሙን የሚሸከመው ድምፅ ይህ ምርቃት ነው፤ ብዙ ጊዜ የሚበላሸውም እሱው ነው። ቤቱ ውስጥ ከበሮ አለ፣ እልልታ አለ፣ ስልክ ዘርግቶ የሚጋፋ ሰው አለ። በካሜራው ማይክ ብቻ ከተቀዳ «አብርሃምና ሣራ ያድርጋችሁ» የሚለው ቃል በጭብጨባው ይዋጣል። መፍትሔው ቀላል ነው። አጀቡ ከመድረሱ በፊት መራቂው ኮት ላይ ትንሽ የኮሌታ ማይክ ይደረጋል። የድምፁ መጠን የሚስተካከለውም ከበሮው እየተመታ ነው። በጸጥታ ከተስተካከለ እልልታው ሲነሳ መለኪያው ቀይ ይነካል፣ ድምፁም ይሰነጠቃል። እንዲህ የተሰነጠቀ ድምፅ ኤዲቲንግ ላይ አይድንም። በጆሮ ማዳመጫ የሚከታተል ሰው ወዲያው ይሰማዋል።

ስሎው ሞሽንም ጣጣ አለው። በሰከንድ 50 ፍሬም ተቀርጾ በ25 ሲታይ እንቅስቃሴው በግማሽ ይዘገያል፤ የከንፈር እንቅስቃሴው ከንግግሩ ጋር አይገጥምም። ስለዚህ መራቂውን የያዘው ካሜራ በመደበኛ ፍጥነት ይቅረጽ። ስሎው ሞሽኑ ለእናት እንባና ለሽቶው ርጭት ይበቃል።

የቀረው ንግግር ከሙሽሮቹ ነው። ከሠርጉ በፊት ባለው ሳምንት፣ ጸጥ ባለ ክፍል፣ ለየብቻ ይቀዳል። የሠርጉ ጠዋት ለዚህ አይሆንም፤ ስልኩ አያርፍም፣ ቤቱም ይንጫጫል። «ዛሬ ትልቅ ቀን ነው» ዓይነት ዓረፍተ ነገር ይውጣ፤ ምስሉ ያሳየዋል። ንግግሩ ካሜራ የማያየውን ይንገረን። እሷ «እማዬ፣ ከዚህ በር ስወጣ እንግዳ አልሆንም፤ ቁልፉን ይዤ ነው የምሄደው» ብትል፣ ከንግግሩ ጋር የሚታየው ምስል ነጠላ የምታስተካክል እናት ነው። እሱ «በር ላይ ሲያስቆሙኝ ደስ ይለኛል፤ አንቺን በቀላሉ የሚሰጥ ቤት ቢሆን ይገርመኝ ነበር» ቢል፣ በሩ የሚከፈተው ከዚህ ቃል በኋላ ነው።

የ5 ደቂቃ ፊልም እንዲህ ሊቆረጥ ይችላል። የመጀመሪያው ደቂቃ ዝግጅቱና የእሷ ድምፅ ነው። ሁለተኛው በሩ ነው። ሦስተኛው ምርቃቱ፤ እዚህ ላይ ሙዚቃው ዝቅ ይላል፣ ሌላ ንግግርም አይደረብም። የቀረው ሁለት ደቂቃ ለመናፈሻ፣ ለአዳራሽና ለጭፈራ ይበቃል። ንግግሩ በጠቅላላ ከአንድ ደቂቃ ተኩል ቢያልፍ ፊልሙ ይከብዳል።

መልሱ ከዋናው ሠርግ በኋላ ስለሚደረግ ውሉ ላይ ሳይገባ የሚቀርበት ጊዜ አለ። ሙሽሮቹ ካባ ለብሰው ወደ እሷ ቤተሰብ ይመለሳሉ፣ ዳቦ ይቆረሳል፣ እንደገና ይመረቃሉ። የቪዲዮ ባለሙያው መልሱን ይሥራ አይሥራ ስክሪፕቱ ሲጻፍ መታወቅ አለበት። ከሠራው ፊልሙ በጭፈራው አያልቅም፤ የመጨረሻው ግማሽ ደቂቃ ለዳቦው ይቀመጣል።