የዛሬው ብር ከ NPV ቅንፍ ውጭ ይቀመጥ

ጎንደር፣ አዘዞ ላይ ወፍጮ ቤት ለመክፈት ዛሬ 400,000 ብር ታወጣለህ እንበል። ከዚያ ለ3 ዓመት በየዓመቱ መጨረሻ 200,000 ብር ይገባል። የወደፊቱን ብር ወደ ዛሬ ዋጋ የምንመልስበት የቅናሽ መጣኔ 20% ነው። ኤክሴል ላይ B2 ውስጥ -400000፣ ከB3 እስከ B5 ደግሞ 200000 ጻፍ።

የሥራውን የተጣራ የዛሬ ዋጋ ለማስላት ብዙ ሰው አራቱንም ሴሎች አንድ ላይ ለNPV ይሰጣል፦

```
=NPV(20%,B2:B5)
```

17,747 ይወጣል። ስህተት ነው። NPV የመጀመሪያውን ቁጥር የሚቆጥረው ከአንድ ዓመት በኋላ እንደሚመጣ ነው። ስለዚህ ዛሬ ከኪስህ የወጣውን ብርም በ1.20 ያካፍለዋል፤ የቀሩትም አንድ አንድ ዓመት ይገፋሉ። ትክክሉ ይሄ ነው፦

```
=NPV(20%,B3:B5)+B2
```

21,296 ብር። B2 ራሱ ኔጌቲቭ ስለሆነ መደመር ነው። ብትቀንስ 821,296 ይልሃል፤ ይሄ ቶሎ ያስታውቃል። የመጀመሪያው ስህተት ግን አያስታውቅም፣ የሚያሰጋኝም እሱ ነው፤ አዋጩን ሥራ አያዋጣም አይልህም፣ ትርፉን ብቻ ያሳንሰዋል። ከሌላ ሰው በትክክል ከተሠራ ስሌት ጋር ስታወዳድር ግን ጉድ ይሠራሃል። ከጠረጠርክ 17,747ን በ1.20 አባዛው፤ 21,296 ከመጣ ስህተቱ ይሄው ነው።

ገቢ የሌለበት ዓመት ካለም ሴሉን ባዶ አትተወው፣ 0 ጻፍበት። NPV ባዶውን ይዘለዋል፣ የሚቀጥለው ዓመት ገቢም አንድ ዓመት ቀድሞ ይቆጠራል።