ለጉሮሮ ሕመም የሚመጠጥ፣ የሚረጭ ወይስ የሚዋጥ?

ጉሮሮውን የታመመ አዋቂ ሰው ፋርማሲ ሲገባ ሦስት ዓይነት ማስታገሻ ይቀርብለታል። እነዚህም አፍ ውስጥ እየተመጠጠ የሚሟሟው ክኒን፣ ጉሮሮ ላይ የሚረጨው ፈሳሽና ተራው የሚዋጥ የሕመም ማስታገሻ ናቸው። የአዋቂ ሰው የጉሮሮ ሕመም አብዛኛውን ጊዜ በቫይረስ የሚመጣ ሲሆን በሳምንት ገደማ በራሱ ይድናል፤ ከሦስቱ አንዱም ይህን ጊዜ አያሳጥርም። የሚለያዩት ሕመሙን የት ላይ እንደሚያገኙትና ለምን ያህል ሰዓት እንደሚይዙት ነው።

መነሻው የሚዋጠው ነው። የጉሮሮ ሕመም ጉሮሮ ላይ ብቻ አይቀርም፤ ወደ ጆሮ ይወጋል፣ አንገት ላይ ያሉትን ዕጢዎች ያሳብጣል፣ ትኩሳትና ቁርጥማት ያመጣል። በደም የሚዞር መድኃኒት ለእነዚህ ሁሉ ይደርሳል፤ ከግማሽ እስከ አንድ ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ይጀምርና ለአራት፣ ለስድስት ሰዓት ይቆያል። ፓራሲታሞል ለአብዛኛው ሰው አስተማማኝ ነው። ባለ 500 ሚሊ ግራሙ ክኒን አንድ ወይም ሁለት ይወሰዳል፤ በሁለት መጠኖች መካከል ቢያንስ አራት ሰዓት ይቆያል፤ በ24 ሰዓት ውስጥ ከስምንት ክኒን አይታለፍም። ክብደቱ ከ50 ኪሎ በታች የሆነ፣ ጉበቱን የታመመ ወይም መጠጥ የሚያዘወትር ሰው ግን ከዚህ ያነሰ መጠን ስለሚያስፈልገው ፋርማሲስቱን ይጠይቅ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው በጉንፋን መድኃኒቶች ነው። በብዙዎቹ ውስጥ ፓራሲታሞል ስላለ፣ የጉንፋኑንና የራስ ምታቱን ክኒን አብሮ የወሰደ ሰው ሳያውቀው መጠኑን እጥፍ ያደርገዋል።

አይቡፕሮፌን ለጉሮሮ ሕመም ከፓራሲታሞል ትንሽ የተሻለ ይሠራል፤ ምክንያቱም ሕመሙን ከማስታገስ ሌላ እብጠቱንም ይቀንሳል። ያለ ሐኪም ትእዛዝ የሚወሰደው 200 ወይም 400 ሚሊ ግራም በየስድስት እስከ ስምንት ሰዓቱ ሲሆን፣ በቀን ከ1,200 ሚሊ ግራም አይበልጥም። የጨጓራ ቁስለት፣ የኩላሊት ወይም የልብ ድካም ያለበት፣ ደም ማቅጠኛ የሚወስድ፣ አስፕሪን አስም የሚያስነሳበት ሰውና ነፍሰ ጡር፣ በተለይ ከ20ኛው ሳምንት በኋላ፣ ሊርቁት ይገባል። ዲክሎፌናክም የአይቡፕሮፌን ዘመድ ስለሆነ ሁለቱ አብረው አይወሰዱም። እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚጾም ሰው አይቡፕሮፌኑን ከሚያፈጥርበት ምግብ ጋር ቢያደርገው ጨጓራው ይተርፋል። ክኒን መዋጡ ራሱ ሲያም ደግሞ በውኃ የሚሟሟ ፓራሲታሞል አለ፤ ነገር ግን የሚፈላው ዓይነት ሶዲየም ስለሚበዛበት ለደም ግፊት ታማሚ አይመከርም።

የሚመጠጡትን ክኒኖች ሰው ሁሉ እንደ አንድ ነገር ያያቸዋል፤ ዋናው ስሕተትም እዚህ ላይ ነው። ከረሜላ የሚመስሉት በአብዛኛው ቀላል የጀርም መከላከያና ማር ወይም ሎሚ የያዙ ሲሆኑ ዋና ሥራቸው ምራቅ ማመንጨትና ጉሮሮን ማራስ ነው። የሚያደነዝዙት ሌላ ናቸው። ለመለየት የንግድ ስሙን ትቶ ማሸጊያው ላይ የተጻፈውን የመድኃኒቱን ስም ማንበብ ነው፤ እንደ ቤንዞካይንና ሊዶካይን በ«ካይን» የሚያልቅ ከሆነ የነርቩን መልእክት የሚያቋርጥ ማደንዘዣ ነው። በደቂቃዎች ውስጥ ይሠራል፣ ከሩብ እስከ ግማሽ ሰዓት ባለው ጊዜም ይለቃል። የሚበዛው ግን ምላስና ጉንጭ ላይ ይቀራል። አኝኮ የሚውጠው ሰው ጉሮሮውን ሳይነካው ወደ ሆድ ይልከዋል፤ ስለዚህ ከአንዱ ጉንጭ ወደ ሌላው እያዞሩ ቀስ ብሎ እስኪሟሟ መምጠጥ ነው። ሦስተኛው ዓይነት ፍሉርቢፕሮፌን የሚባለው ነው፤ አያደነዝዝም፣ እንደ አይቡፕሮፌን እብጠት ይቀንሳል፣ ለሰዓታትም ይቆያል። 8.75 ሚሊ ግራሙ በየሦስት እስከ ስድስት ሰዓቱ አንድ፣ በቀን ከአምስት ሳይበልጥ፣ ቢበዛ ለሦስት ቀን ይወሰዳል። አይቡፕሮፌን የማይስማማው ሰው ይህም አይስማማውም፤ ሁለቱን አብሮ መውሰድም አይገባም። የስኳር ሕመምተኛ ከሆኑ ስኳር የሌለበትን ይምረጡ፤ በተራው አንድ ክኒን ውስጥ ሁለት ግራም ገደማ ስኳር ስለሚኖር በቀን ስምንት መጥጦ «መድኃኒት ነው» ማለት አያዋጣም።

የሚረጨው ጥቅሙ ሕመሙ አንድ ቦታ ላይ፣ ለምሳሌ ቶንሲሉ ላይ፣ ሲሆንና አፍ ደርቆ የሚመጠጠው ክኒን ሳይሟሟ ሲቀር ነው። አፍን ከፍቶ፣ ጫፉን ወደ ጉሮሮው ጀርባ አዙሮ፣ ትንፋሽን ይዞ መርጨት ያስፈልጋል፤ ትንፋሽ እየሳቡ ከረጩት ወደ ሳንባ ይገባና ሳል ያስነሳል። ፌኖል ያለበት ከሆነ ለ15 ሰከንድ ያህል ይያዝና ይተፋል እንጂ አይዋጥም። ቤንዚዳሚን ግን እብጠትን ይቀንሳል፣ ትንሽም ያደነዝዛል። ድምፅ መዝጋት ላይ አንዱም አይረዳም፤ የድምፅ አውታሮቹ ርጭቱ ከሚደርስበት በታች ናቸው።

ባለ 60 ኪሎ፣ ሌላ በሽታ የሌለባት ሴት በሁለተኛው ቀን ጉሮሮዋ እየወጋት፣ ንፍጥና ሳልም ኖሯት 12:30 ላይ ነቃች እንበል። ወዲያው ሁለት ፓራሲታሞል ብትወስድ 1:15 ላይ ቁርሱ ሳያሰቃያት ይወርዳል፤ ከቁርሱ ጋር 400 ሚሊ ግራም አይቡፕሮፌን ትወስዳለች፣ ከምሳና ከእራትም ጋር እንዲሁ። 4 እና 10 ሰዓት ላይ ሕመሙ ብቅ ሲል አንድ የሚያደነዝዝ ክኒን ትመጥጣለች። ማታ 5 ሰዓት ስትተኛ ሁለት ፓራሲታሞል ጨምራ ታድራለች። የቀኑ ድምር 1,200 ሚሊ ግራም አይቡፕሮፌንና አራት ክኒን ፓራሲታሞል ነው፤ ሁለቱም ከወሰናቸው አላለፉም። የሚመጠጠውን አፏ ውስጥ ይዛ እንዳትተኛ፣ ከበላች በኋላ እንጂ ከመብላቷ በፊት እንዳትወስደው፤ የደነዘዘ ጉሮሮ ትኩሱን ሻይ አያውቀውም፣ ጉርሻም ወደ ትንፋሽ ቧንቧ ሲሄድ ቶሎ አይነቃም።

ቤንዞካይን አልፎ አልፎ ደም ኦክስጅን እንዳይሸከም ያደርጋል። ከተወሰደ በኋላ በደቂቃዎች ወይም በሁለት ሰዓት ውስጥ ከንፈርና ጥፍር ወደ ግራጫ ሰማያዊ ከዞሩ፣ ትንፋሽ ካጠረ ወይም ራስ ከከበደ ወዲያው ሆስፒታል መሄድ ያስፈልጋል፤ ማርከሻ አለው።

ምራቅን እንኳ መዋጥ ያቃተው፣ አፉ አልከፈት ያለው፣ ድምፁ ትኩስ ድንች አፉ ውስጥ እንዳለ ሰው የታፈነ፣ ጉሮሮው በአንድ ጎን ብቻ ያበጠ ወይም ሲተነፍስ ድምፅ የሚያሰማ ሰው ማስታገሻ መምረጡን ይተወው፤ ከቶንሲሉ ጀርባ መግል ተጠራቅሞ ሊሆን ስለሚችል በዚያው ቀን ይታይ። ሳል ሳይኖር ትኩሳት፣ ነጭ የያዘ ቶንሲልና የሚያም የአንገት ዕጢ አብረው ከመጡ ባክቴሪያ ሊሆን ይችላልና ምርመራ ይገባል። ቀድሞ የቁርጥማት ትኩሳት የሚባለው፣ ከጉሮሮ ባክቴሪያ ተነሥቶ ልብን የሚጎዳው በሽታ የነበረበት ወይም በሱ ምክንያት የልብ በሽታ ኖሮት በየወሩ ፔኒሲሊን የሚወጋ ሰው ግን ምልክቶቹ እስኪሟሉ ሳይጠብቅ በመጀመሪያው ቀን ሐኪም ጋር ይሂድ። አሞክሲሲሊን ከመደርደሪያ አንሥቶ «ለሕመሙ» መውሰድ ግን ለማንም አይሆንም፤ ማስታገሻ አይደለም።