የጅራፍ ውጤት፦ የሸማቹ ትንሽ ለውጥ ፋብሪካ ሲደርስ ለምን ይገዝፋል?

በአቅርቦት ሰንሰለት ጥናት የጅራፍ ውጤት ወይም ቡልዊፕ ኢፌክት የሚባለው፣ በሸማቹ ፍላጎት ላይ የታየ አነስተኛ ለውጥ ከቸርቻሪው ወደ ጅምላ ነጋዴው፣ ከጅምላ ነጋዴው ወደ ዋናው አከፋፋይ፣ ከዚያም ወደ ፋብሪካው በትዕዛዝ መልክ ሲተላለፍ በየደረጃው እየገዘፈ የሚሄድበት ክስተት ነው። ስያሜው የጅራፍ እጀታ በትንሹ ሲወዘወዝ ጫፉ በሰፊው ከመወንጨፉ የተወሰደ ነው። የክስተቱን አሠራር ቀድሞ በስፋት ያሳየው በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ያስተምር የነበረው ጄይ ፎሬስተር ሲሆን፣ ይህንንም ያደረገው እ.ኤ.አ. በ1961 ባሳተመው ጥናት ነው። ከዚያ በኋላ ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው ምሳሌ የፕሮክተር ኤንድ ጋምብል ኩባንያ የዳይፐር ሽያጭ ነው። ሕፃናት ዳይፐር የሚጠቀሙት በየቀኑ በተቀራራቢ መጠን በመሆኑ የችርቻሮ ሽያጩ ብዙም አይለዋወጥም ነበር፤ አከፋፋዮች ለኩባንያው የሚልኩት ትዕዛዝ ግን ከሽያጩ ይልቅ በእጅጉ ይዋዥቅ ነበር፤ ኩባንያው ራሱ ለጥሬ ዕቃ አቅራቢዎቹ የሚልከው ትዕዛዝ ደግሞ ከዚያም ይብስ ነበር።

ክስተቱን በሚገባ ለመረዳት አስቀድሞ መያዝ ያለበት ነገር፣ ውዥንብሩ እንዲፈጠር ማንም ማጥፋት የማያስፈልገው መሆኑ ነው። በሰንሰለቱ ውስጥ ያለ እያንዳንዱ ነጋዴ ሒሳቡን በትክክል ቢሠራም ውጤቱ ያው ነው። ይህንን በቁጥር ማሳየት ይቻላል።

አንድ ለውጥ በአራት እጆች ሲያልፍ

ቸርቻሪ፣ ጅምላ ነጋዴ፣ ዋና አከፋፋይና ፋብሪካ ያሉበት ሰንሰለት እንውሰድ። አራቱም የሚሠሩት በአንድ ደንብ ነው። እያንዳንዳቸው በየሳምንቱ መጨረሻ ያለፉትን 6 ሳምንታት ፍላጎት አማካይ ያወጣሉ፤ በመጋዘን ያለውና ታዝዞ በመንገድ ላይ ያለው ዕቃ ተደምሮ የዚህን አማካይ 3 ሳምንት ያህል እንዲሸፍን ይፈልጋሉ፤ ስለዚህ የሚያዙት በሳምንቱ የወጣውን ዕቃ የሚተካ መጠንና ክምችቱን ወደሚፈለገው ደረጃ የሚያደርስ ማሟያ ነው። ለፋብሪካው “ትዕዛዝ” ማለት የሳምንቱ የምርት ዕቅድ ነው። ሸማቾች ለረጅም ጊዜ በሳምንት 1000 ካርቶን ሲገዙ ከቆዩ፣ ሁሉም 1000 ያዛሉ፣ ፋብሪካውም 1000 ያመርታል።

አሁን ግዢው በአንድ ሳምንት ወደ 1080 ከፍ ብሎ በዚያው ጸና እንበል። የቸርቻሪው የ6 ሳምንት አማካይ በየሳምንቱ በ13 ካርቶን ገደማ ያድጋል፤ የ3 ሳምንት ሽፋን ለመጠበቅ ደግሞ በየሳምንቱ 40 ካርቶን ማሟያ ያስፈልገዋል። ስለዚህ ለ6 ሳምንታት 1120 ያዛል፤ አማካዩ 1080 ላይ ሲረጋ ትዕዛዙም ወደ 1080 ይመለሳል። በ6 ሳምንታት የጨመረው ማሟያ 240 ካርቶን ነው፤ ይህም 80 ካርቶን በ3 ሳምንት ሲባዛ የሚገኘው ቁጥር ነው። ቸርቻሪው ከሚያስፈልገው አንድ ካርቶን እንኳ አልፎ አላዘዘም።

ጅምላ ነጋዴው ግን የሸማቹን 1080 አያይም። የሚያየው 1120 ነው። በዚህ ቁጥር ውስጥ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ተደባልቀዋል፤ 1080ው ዘላቂ ፍላጎት ሲሆን 40ው የቸርቻሪውን መደርደሪያ ለመሙላት ለጥቂት ጊዜ ብቻ የተጨመረ ነው። በትዕዛዝ ወረቀቱ ላይ ግን አንዱን ከሌላው የሚለይ ምልክት የለም። በእኔ ዕይታ የጉዳዩ ቁልፍ ያለው እዚህ ላይ ነው፤ ሌሎቹ መንስኤዎች የሚከፉት ይህ ድብልቅ በመኖሩ ነው። ጅምላ ነጋዴው 120 ካርቶን የጨመረ ዘላቂ ፍላጎት እንዳገኘ ይቆጥርና በየሳምንቱ 60 ማሟያ አክሎ 1180 ያዛል። ዋናው አከፋፋይ ይህንን 1180 እንደ ፍላጎት ወስዶ 90 ይጨምርበትና 1270 ያዛል። ፋብሪካው ደግሞ 135 ጨምሮ 1405 ለማምረት ያቅዳል። በሸማቹ ዘንድ 8 በመቶ የነበረው ዕድገት በፋብሪካው ከ40 በመቶ አልፏል ማለት ነው።

ከዚህ የባሰው የሚመጣው በቀጣዮቹ 6 ሳምንታት ነው። ቸርቻሪው ማሟያውን ጨርሶ ወደ 1080 ሲመለስ ለጅምላ ነጋዴው ፍላጎት የቀነሰ ይመስለዋል፤ ክምችቱንም ለማሳነስ 1060 ብቻ ያዛል። ዋናው አከፋፋይ ከ1180 ወደ 1060 የወረደውን ትዕዛዝ አይቶ 1000 ያዛል፤ ፋብሪካው ደግሞ ከ1270 ወደ 1000 የወረደ ትዕዛዝ ስለደረሰው ምርቱን ወደ 865 ያወርዳል። ልብ ሊባል የሚገባው ሸማቹ በዚህ ሁሉ ጊዜ 1080 እየገዛ መሆኑ ነው። ለ6 ሳምንታት በትርፍ ሰዓት ያሠራና ጊዜያዊ ሠራተኛ የቀጠረ ፋብሪካ፣ የዕቃው ገበያ ከቀድሞው በ8 በመቶ ሰፍቶ እያለ ማሽን ያቆማል፣ ሠራተኛም ይቀንሳል። በፋብሪካው ያለ ሰው ለዚህ የሚያገኘው ማብራሪያ “ገበያው ተለዋዋጭ ነው” የሚል ብቻ ነው፤ ገበያው ግን የተለወጠው አንድ ጊዜ ብቻ ነበር።

ይህ ስሌት ትዕዛዝ በዚያው ሳምንት እንደሚደርስና ዕቃ ፈጽሞ እንደማያልቅ ይቆጥራል። በእውነተኛው ዓለም ትዕዛዙም ዕቃውም ስለሚዘገዩ ሞገዱ የሚገዝፈውና የሚረዝመው ከዚህ በላይ ነው።

ሞገዱን የሚያባብሱ ልማዶች

ትዕዛዝን ማጠራቀም ከእነዚህ አንዱ ነው። በሳምንት 1000 ካርቶን የሚሸጥ ነጋዴ የማጓጓዣ ወጪ ለመቆጠብ በ4 ሳምንት አንድ ጊዜ 4000 ቢያዝ፣ አቅራቢው ሦስት ሳምንት ባዶ፣ በአራተኛው ደግሞ ጎርፍ ይደርሰዋል። ብዙ ደንበኞች በወር መጨረሻ የሚያዙ ከሆነ ጎርፎቹ በአንድ ቀን ይገጣጠማሉ። ጊዜያዊ የዋጋ ቅናሽም ተመሳሳይ ጠባይ አለው፤ ነጋዴው በቅናሹ ወቅት ለወራት የሚበቃውን ገዝቶ ያከማችና ቅናሹ ሲያበቃ ከገበያ ይጠፋል።

ከሁሉም አደገኛው በእጥረት ጊዜ የሚደረገው ማጋነን ነው። ፋብሪካው ያለውን ዕቃ በቀረበለት ትዕዛዝ መጠን አካፍሎ እንደሚሰጥ ነጋዴዎች ካወቁ፣ ግማሹ ብቻ እንደሚደርሰው የገመተ ሁሉ እጥፍ ያዛል። ፋብሪካው ይህንን የወረቀት ፍላጎት አምኖ አዲስ የማምረቻ መስመር ሊተክል ይችላል። አቅርቦቱ በተስተካከለ ማግስት ግን ትዕዛዞቹ ይሰረዛሉ፤ ፍላጎቱም ከመጀመሪያው አልነበረም።

የሰው የአስተሳሰብ ድክመትም ድርሻ አለው። ጆን ስተርማን እ.ኤ.አ. በ1989 ባወጣው ጥናት፣ ተሳታፊዎች ከላይ እንዳለው ባለ አራት ደረጃ ሰንሰለት ውስጥ ሆነው ሲያዙ ያዘዙትንና ገና በመንገድ ላይ ያለውን ዕቃ በሚገባ እንደማያስቡ አሳይቷል። መደርደሪያው ባዶ ሆኖ ሲያዩ ያዛሉ፤ በሚቀጥለው ሳምንትም ባዶ ስለሆነ እንደገና ያዛሉ፤ በመጨረሻ ሁሉም በአንድ ላይ ይደርሳል። በእኛ ስሌት ውስጥ ያሉት ነጋዴዎች በመንገድ ላይ ያለውን ስለሚቆጥሩ ከእውነተኛ ሰዎች የተሻሉ ናቸው።

ማለዘቢያ መንገዶች

መነሻው ድብልቁን መፍታት ነው። ቸርቻሪው በካሽ ማሽኑ የመዘገበውን የሳምንት ሽያጭ ለሁሉም ቢያካፍልና ሁሉም ትንበያቸውን በዚያ ላይ ቢመሠርቱ፣ እያንዳንዱ ደረጃ የሚጨምረው ማሟያ 40 ካርቶን ብቻ ይሆናል፤ ምክንያቱም ሁሉም የሚያዩት ያንኑ የ80 ካርቶን ዕድገት ነው። በዚህ ጊዜ ትዕዛዞቹ 1120፣ 1160፣ 1200 ይሆናሉ፤ የፋብሪካው ዕቅድ ደግሞ 1240። ከ6 ሳምንት በኋላ ሁሉም በአንድ ጊዜ ወደ 1080 ይመለሳሉ፤ የ865ቱ ገደል ጨርሶ አይፈጠርም። ግዝፈቱ ከመባዛት ወደ መደመር ይለወጣል እንጂ አይጠፋም፤ እያንዳንዱ መጋዘን ለሰፋው ገበያ የሚመጥን ክምችት በእርግጥ ያስፈልገዋልና።

አንዳንድ ኩባንያዎች ከዚህ አልፈው የማዘዙን ሥራ ራሱን ለአቅራቢው ያስረክባሉ። ነጋዴው ሽያጩንና ክምችቱን ያሳውቃል፣ ምን ያህል እንደሚላክ የሚወስነው አቅራቢው ነው። የጣሊያኑ የፓስታ አምራች ባሪላ ይህንን ሲጀምር ከአከፋፋዮቹ ብርቱ ተቃውሞ ገጥሞት ነበር። በመጋዘናችን የሚገባውን ሌላ ሰው እንዴት ይወስንልናል የሚለው ስጋት የሚናቅ አይደለም፤ ኩባንያው አሠራሩን በቅድሚያ በራሱ መጋዘኖች ሞክሮ ውጤቱን ማሳየት ነበረበት።

መረጃ ማካፈል በማይቻልበት ቦታ ነጋዴው ብቻውን ሊያደርግ የሚችለው ነገርም አለ። አማካዩን በ6 ሳምንት ፈንታ በ12 ሳምንት ቢያወጡ፣ በምሳሌያችን የፋብሪካው ጣሪያ ከ1405 ወደ 1195 ገደማ ይወርዳል። ዋጋው ግን ፍላጎት በእርግጥ ሲለወጥ ዘግይቶ ማወቅ ነው፤ በዚያ መካከል መደርደሪያ ባዶ ሊሆን ይችላል። ለማጠራቀም መፍትሔው አንድን መኪና በተለያዩ ዕቃዎች ሞልቶ አዘውትሮ መላክ ነው፤ ለቅናሽ ግዢ ዓመቱን ሙሉ የተረጋጋ ዋጋ ማውጣት፤ ለማጋነን ደግሞ በእጥረት ጊዜ ዕቃን በቀረበው ትዕዛዝ ሳይሆን በቀድሞ ሽያጭ መጠን ማካፈል።

ክስተቱ በአንድ ድርጅት ውስጥ መኖሩን ለማወቅ የሳምንታዊ ትዕዛዞችን መዋዠቅ ከሳምንታዊ ሽያጭ መዋዠቅ ጋር ማነጻጸር ይበቃል። በስታቲስቲክስ ቋንቋ የትዕዛዙ ቫሪያንስ ለሽያጩ ቫሪያንስ ተካፍሎ ውጤቱ ከ1 ከበለጠ ሞገዱ እየገዘፈ ነው። መረጃው በወር ወይም በሩብ ዓመት ተደምሮ ከታየ ግን በየሳምንቱ ያለው መውጣትና መውረድ እርስ በርሱ ይጣፋና ችግሩ የሌለ ይመስላል። የበዓልና የወቅት ሽያጭም አስቀድሞ ሊለይ ይገባል፤ ሁሉም የሚጠብቀው ጭማሪ የጅራፉ ሥራ አይደለም።

መረጃ ተካፍሎም የሚቀረውን ግዝፈት የሚቀንሰው የማድረሻ ጊዜን ማሳጠር ነው። ዕቃ በ2 ሳምንት ሳይሆን በ1 ሳምንት የሚደርስ ከሆነና በዚህ ምክንያት ሽፋኑ ከ3 ወደ 2 ሳምንት ቢወርድ፣ የየደረጃው ማሟያ ከ40 ወደ 27 ገደማ ይቀንሳል፤ ሽያጩን የሚያዩት አራቱ ደረጃዎች ተደምረውም የፋብሪካው ጣሪያ 1187 አካባቢ ይሆናል።