የፈረንሳይኛ ስሞች ጾታ፦ ከቃሉ መጨረሻ የሚገኝ ፍንጭ

በፈረንሳይኛ እያንዳንዱ ስም ወይ ተባዕታይ ነው ወይ አንስታይ። ተባዕታዩን «ለ»፣ አንስታዩን «ላ» ይቀድመዋል፦ ለ ሊቭር (መጽሐፍ)፣ ላ ታብል (ጠረጴዛ)። አማርኛም ጾታ ይለያል፤ ግን ሕይወት በሌለው ነገር ላይ ተናጋሪው ነጻነት አለው። «ይህ ቤት» ሲል የቆየ ሰው፣ ቤቱ ትንሽ ከሆነ ወይም ከወደደው «ይቺ ቤት» ቢል ስህተት አይባልም። ፈረንሳይኛ ይህን አይፈቅድም፤ ሜዞን (ቤት) አዳራሽም ቢያክል ጎጆም ቢሆን አንስታይ ነው። በአማርኛ «ወጣች» የምንላት ፀሐይም በዚያ ተባዕታይ ናት፦ ለ ሶሌይ። የአማርኛን ስሜት ይዞ መገመት የሚያሳስተው ስለዚህ ነው።

ጾታውን የሳተ ሰው የሚስተው አንዷን «ለ» ወይም «ላ» ብቻ አይደለም። ስሙን የሚገልጸው ቅጽልና የሚተካው ተውላጠ ስም አብረው ይሳሳታሉ። አልፎ አልፎ ትርጉሙም ይለወጣል፦ ለ ሊቭር መጽሐፍ ሲሆን ላ ሊቭር የክብደት መለኪያ ወይም የእንግሊዝ ገንዘብ ፓውንድ ነው።

ፈረንሳዮች ራሳቸው ሁሉንም ቃል አንድ በአንድ ሸምድደው አይደለም የሚያውቁት። በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በሞንትሪያል ማክጊል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ፈጽሞ የሌሉ፣ የተፈጠሩ ቃላትን ለፈረንሳይኛ ተናጋሪ ልጆች አቅርበው ጾታቸውን አስለይተዋል። ልጆቹ ያልሰሙትን ቃል ሲመድቡ በዋናነት የተመሩት በቃሉ መጨረሻ ድምፅ ነበር። ለተማሪም የሚበጀው ይኸው መንገድ ነው። የአማርኛ ተናጋሪ ደግሞ ስንቅ ይዞ ይጀምራል፤ አማርኛ ውስጥ ከሚሰማቸው የውጭ ቃላት ብዙዎቹ በፈረንሳይኛም ስላሉ ለየመጨረሻው ድምፅ ማስታወሻ ይሆኑታል።

ጋራዥን እንውሰድ። በ«አዥ» የሚያልቁ ስሞች አብዛኞቹ ተባዕታይ ናቸው፦ ለ ጋራዥ፣ ለ ፍሮማዥ (አይብ)፣ ለ ቯያዥ (ጉዞ)። ነገር ግን ስድስት የተለመዱ ቃላት ከሕጉ ይወጣሉ፦ ፕላዥ (የባሕር ዳርቻ)፣ ፓዥ (ገጽ)፣ ኢማዥ (ምስል)፣ ካዥ (የእንስሳ ፍርግርግ ቤት)፣ ናዥ (ዋና)፣ ራዥ (የእብድ ውሻ በሽታ)። ምክንያት አላቸው። ጋራዥ «ጋሬ» (ማቆም) ከሚለው ግስ በቅጥያ የተሠራ ነው፤ ጾታውን የሚወስነው ቅጥያው ነው። በስድስቱ ውስጥ ግን «አዥ» የቃሉ የራሱ አካል እንጂ የተቀጠለ ነገር አይደለም። እነዚህን ለየብቻ ከመሸምደድ አንድ ሥዕል ውስጥ መክተት ይሻላል፦ ሰዎች በሚዋኙበት የባሕር ዳርቻ ላይ ያበደ ውሻ በፍርግርግ ተዘግቶበታል፤ ከፍርግርጉ ላይ የውሻው ምስል ያለበት ገጽ ተለጥፏል። ስድስቱም አሉ፣ ስድስቱም አንስታይ ናቸው።

ለሁለተኛው ፍንጭ የአዲስ አበባው ሌጋሲዮን ሰፈር ይበቃል። በ«ስዮን» ድምፅ የሚያልቅ ስም አንስታይ ነው ብሎ መያዝ ይቻላል፦ ላ ሌጋሲዮን፣ ላ ሚሲዮን፣ ላ ናሲዮን (ሀገር፣ ሕዝብ)። ከ«ዮን» በፊት «ስ» ከሌለ ግን ዋስትናው ያበቃል፤ ለ ካሚዮን (የጭነት መኪና)፣ ለ ሚሊዮን እና አቪዮን (አውሮፕላን) ተባዕታይ ሲሆኑ ሬዥዮን (ክልል) አንስታይ ነው።

ቢሮ በፈረንሳይኛ ለ ቢሮ ነው፤ ጽሕፈቱ በሦስት አናባቢ ፊደላት አልቆ ድምፁ ግን «ኦ» ብቻ ነው። እንዲህ የሚጻፉት፣ ለምሳሌ ጋቶ (ኬክ) እና ባቶ (ጀልባ)፣ ተባዕታይ ናቸው። የተለመዱት አፈንጋጮች ሁለት ናቸው፦ ኦ (ውሃ) እና ፖ (ቆዳ)። ቆዳ ላይ የፈሰሰ ውሃ ብሎ ማሰብ ሁለቱን አንድ ላይ ያስይዛል። ፎቶ እና ሞቶ (ሞተር ብስክሌት) አንስታይ መሆናቸው ግራ አያጋባ፤ ከፎቶግራፊ እና ከሞቶሲክሌት የተቆረጡ ስለሆኑ የሙሉውን ቃል ጾታ እንደያዙ ቀርተዋል።

በ«ቴ» የሚያልቁት በተለይ ከቅጽል ሲወጡና ጠባይን ሲሰይሙ አንስታይ ናቸው፦ ላ ሊቤርቴ (ነጻነት)፣ ላ ቦቴ (ውበት)። ኮሚቴ ግን የጠባይ ስም ስላልሆነ ለ ኮሚቴ ነው። ኤቴ (በጋ) እና ኮቴ (ጎን)ም ተባዕታይ ናቸው። በፈረንሳይኛ ሾፌርና ሞተር በሚያልቁበት «ኧር» ድምፅ ላይም የትርጉም ልዩነት አለ፤ ሠሪ ሰው ወይም መሣሪያ ከሆነ ብዙውን ጊዜ ተባዕታይ፣ ስሜት ወይም ጠባይ ከሆነ አንስታይ፦ ላ ፐር (ፍርሃት)፣ ላ ሻለር (ሙቀት)። ደስታ ማለት የሆነው ቦነር ግን ተባዕታይ ነው፤ እሱን መሸምደድ ነው።

ብዙ ጀማሪ «በማይነበብ ኧ ፊደል የሚያልቅ ሁሉ አንስታይ ነው» የሚል ምክር ይሰማል። ምክሩ ደካማ ነው። ሊቭር፣ አርብር (ዛፍ)፣ ፕሮብሌም፣ ሲስቴም፣ እንዲሁም የሊሴ ገብረ ማርያሙ ሊሴ ሁሉም በዚያ ፊደል ያልቃሉ፤ ሁሉም ተባዕታይ ናቸው። ከአንድ ፊደል ይልቅ ሙሉ ቅጥያ መመልከት ያዋጣል።

አዲስ ቃል ሲመጣ አሠራሩ ይህን ይመስላል። ኔቷያዥ (ማጽዳት) እና ፕሮፕርቴ (ንጽሕና) ገጠሙን እንበል። ትርጉማቸው ተቀራራቢ ስለሆነ ከትርጉሙ ጾታ መገመት አይቻልም። የመጀመሪያው ኔቷዬ (ማጽዳት) ከሚለው ግስ የወጣና በቅጥያው «አዥ» ያለቀ ነው፤ ስለዚህ ለ ኔቷያዥ። ሁለተኛው ፕሮፕር (ንጹሕ) ከሚለው ቅጽል በ«ቴ» ተሠርቷል፤ ስለዚህ ላ ፕሮፕርቴ። በቀለም እየለዩ በካርድ መጻፍ የሚወዱ ተማሪዎችም ካርዱን መጨረሻቸው ለማይናገርና ለአፈንጋጭ ቃላት ብቻ ቢያውሉት ክምሩ በጣም ይቀንሳል።

ከአማርኛ የተወሰደ ማስታወሻ አንድ ቦታ ላይ ያጠምዳል። ለገሃር የመጣው ላ ጋር (የባቡር ጣቢያ) ከሚለው ነው፤ ቃሉ አንስታይ ነው፣ አማርኛው ግን «ላ»ን ወደ «ለ» አዙሮታል። ስለዚህ ከለገሃር ተነሥቶ «ለ ጋር» ማለት ስህተት ነው።

የሚያስቸግረው ሌላው ነገር በአናባቢ የሚጀምር ቃል ነው። «ለ»ም «ላ»ም አናባቢያቸውን ጥለው «ል» ብቻ ስለሚቀሩ ሎቴል (ሆቴሉ) እና ሌኮል (ትምህርት ቤቱ) በጾታ አይለዩም። ለተባዕታይ ስም «የኔ» ማለት የሆነው «ሞን»ም አይረዳም፤ ኤኮል አንስታይ ሆኖ ሳለ በአናባቢ ስለሚጀምር ብቻ «ሞን ኤኮል» ይባላልና። እንዲህ ያለውን ቃል አረንጓዴ ከሚለው ቅጽል ጋር መያዝ ነው፤ ቅጽሉ በተባዕታይ «ቬር»፣ በአንስታይ «ቬርት» ስለሚባል መጨረሻው «ት» መሰማት አለመሰማቱ ይነግራል። ሎቴል ቬር፣ ሌኮል ቬርት ተብሎ ጮክ ብሎ ሲደጋገም «ት»ዋ ከቃሉ ጋር አብራ ትያዛለች።