አሮጌው ጎንደርና አዲሶቹ ሰፈሮች፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

«የድሮው ጎንደር ያለ ፕላን፣ እንደተገኘ የተሠራ ነው። መንገዱ የሚጠማዘዘው ለዚያ ነው።»

መንገዱን ያጠማዘዘው በመጀመሪያ መሬቱ ነው። ከተማዋ የተቆረቆረችው በአንገረብና በቀሃ ወንዞች መካከል ባለው ጉብታ ላይ ሲሆን፣ መተላለፊያዎቹ የተዳፋቱን አቀማመጥ ተከትለው ይወርዳሉ። ከዚያ በላይ ግን ሥርዓት ነበረው። ቤተ መንግሥቱ በመሃል ይቀመጣል፤ ጳጳሱ በአቡን ቤት፣ የመነኮሳቱ አለቃ እጨጌው በእጨጌ ቤት ይኖራሉ። እጨጌ ቤት የመማጸኛ ስፍራም ነበር፤ የተሳደደ ሰው ይሸሸግበታል፣ ጦርነት ሲመጣ ነዋሪው ንብረቱን ያስቀምጥበታል። በአፄ ዮሐንስ ቀዳማዊ ዘመን፣ በ1660 ዓ.ም. ገደማ፣ ሙስሊሞች ከክርስቲያኖች ተለይተው እንዲሰፍሩ ተወሰነ፤ የአዲስ ዓለም ሰፈር ታሪክ ከዚህ ውሳኔ ጋር የተያያዘ ነው። ውሳኔው መለያየትን ያጸና ስለነበር የሚወደስ አይደለም። ሰፈር በአዋጅ ይደለደል እንደነበር ግን በግልጽ ያሳያል። የእያንዳንዱ ሰፈር መንገድ ወደ ራሱ ቤተ ክርስቲያን ወይም መስጊድ፣ ወደ ገበያውና ወደ ወንዙ ይመራ ነበር። በእግርና በበቅሎ ለሚሄድ ሰው ይህ በቂ ነው። ዛሬ መኪና ሲገባበት ነው ጉድለቱ የሚታየው።

«ፒያሳ የነገሥታቱ ከተማ አካል ነው።»

ከነገሥታቱ ግቢ አጠገብ ስለሆነ ብዙ ጎብኚ እንዲህ ይመስለዋል። የፒያሳን መልክ የሰጡት ግን ከ1928 እስከ 1934 ዓ.ም. ከተማዋን ይዘው የቆዩት ጣሊያኖች ናቸው። ጎንደርን የአማራ ግዛታቸው መቀመጫ አድርገው ነበርና ጌራርዶ ቦዚዮ የተባለ አርክቴክት ፕላን አወጣላት። ፕላኑ አውሮፓዊውንና «አገሬውን» በሰፈር የሚለይ ነበር። ሰፊው ጎዳና፣ ማዕዘናቸው ክብ የሆነ ሕንፃዎች፣ ፖስታ ቤቱና ሲኒማው የዚያ ዘመን ሥራ ናቸው። ስለዚህ «አሮጌው መሃል ከተማ» ስንል ሦስት መቶ ዓመት ያህል የሚራራቁ ሁለት ከተሞችን በአንድ ስም እየጠራን ነው።

«የመሃል ከተማው ቤቶች የሚፈርሱት ነዋሪው ግድ ስለሌለው ነው።»

ይህ አባባል ነዋሪውን ይበድለዋል። በሐምሌ 1967 ዓ.ም. የወጣው የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት አዋጅ ትርፍ ቤቶችን ሁሉ የመንግሥት አደረገ። ወርሃዊ ኪራያቸው ከመቶ ብር በታች የሆኑት በኋላ ቀበሌ ለተባሉት ማኅበራት ተሰጡ፤ ኪራዩም እንዲቀንስ ተደረገ። እነዚህ አነስተኛ ቤቶች ደግሞ በብዛት የሚገኙት በአሮጌዎቹ ሰፈሮች ነው።

አንዱን የቀበሌ ቤት ጠጋ ብለው ይመልከቱት። ከታች የድንጋይ መሠረት አለው፤ ከላይ በጭቃ የተመረገ የእንጨት ግድግዳ። ጣሪያው ዝጎ ክረምት በገባ ቁጥር ያፈስሳል፣ ውሃው በግድግዳው ውስጥ ይወርዳል፣ እንጨቱ ከሥሩ ይበሰብሳል። ተከራዩ ቆርቆሮ መቀየር ቢፈልግ ፈቃድ ይጠይቃል። ገንዘቡን አውጥቶ ቢቀይረውም ቤቱ የእሱ አይሆንም፣ ሊሸጠውም ሆነ በባንክ ሊያስይዘው አይችልም። ቀበሌው በበኩሉ ከሚሰበስበው ጥቂት ኪራይ ጣሪያ አያድስም። ፋሲል ግቢ በ1972 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ከተመዘገበ በኋላ ደግሞ በአካባቢው አፍርሶ ከፍ አድርጎ መሥራት ጥንቃቄና ፈቃድ የሚጠይቅ ሆኗል፤ ይህኛው ተገቢ ነው። በአዲሶቹ ሰፈሮች ግን ሰው በስሙ ካርታ አለው፤ ብሎኬት የሚደረድረው የራሱ እንደሆነ ስለሚያውቅ ነው።

«አዘዞ አዲስ ሰፈር ነው።»

አፄ ሱስንዮስ አዘዞ ላይ ገነተ ኢየሱስን የሠሩት ልጃቸው ፋሲለደስ ጎንደርን ከመቆርቆራቸው በፊት ነው። አዲስ የሚያስመስለው አውሮፕላን ማረፊያው፣ የጦር ሰፈሩና በአውራ ጎዳናው ግራና ቀኝ የተዘረጋው ግንባታ ነው።

«አዲሱ ሰፈር መንገዱ ሰፊ ስለሆነ አገልግሎቱም የተሻለ ነው።»

መንገዱ በካርታ ላይ ሰፊ ነው። በማስፋፊያ ቦታዎች መጀመሪያ የሚታደለው ቦታው ነው፤ ቧንቧ፣ የመብራት ምሰሶና ጠጠር መንገድ በኋላ፣ ብዙ ጊዜም በነዋሪው መዋጮ ይመጣሉ። ቤቶቹ ስለሚራራቁ ለአንድ ቤት የሚዘረጋው ቧንቧ ረጅም ነው። የከተማዋ ውሃም ራሱ ጥቂት ነው፤ ለረጅም ጊዜ የተመካችበት የአንገረብ ግድብ በደለል እየተሞላ መጥቷል። ውሃ በፈረቃ ሲለቀቅ ከፍታ ላይ ያለ ቤት ግፊቱ ሳይደርሰው ፈረቃው ያልፋል።

መሃል ከተማው ደግሞ ሌላ ጣጣ አለበት። ገበያ፣ ሐኪም ቤትና ታክሲ በእግር ይደረሳል፤ ነገር ግን በርካታ ቤተሰብ የሚጋራው ሽንት ቤት ሲሞላ ፍሳሽ የሚመጥጠው መኪና በጠባቡ መተላለፊያ አይገባም። ቤት የሚፈልግ ሰው በአዲሱ ሰፈር ሮቶው ያለማቋረጥ ይሞላ እንደሆነ ጎረቤት ይጠይቅ፤ በአሮጌው ሰፈር ደግሞ መኪና እስከ የት እንደሚገባ ራሱ ሄዶ ይይ።