የካሳ ክፍያው ቀን ሲያልፍ የሚጻፍ ኢሜይል፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

«መኪናዬ ሜክሲኮ አደባባይ አጠገብ ተገጭታ ጥር 8 ቀን 2017 ዓ.ም. የካሳ ስምምነቱን ፈረምኩ። 86,400 ብር በ10 የሥራ ቀን ይከፈልዎታል አሉኝ። ቀኑ ካለፈ ሰነባብቷል። ሰዎቹን ሳላስቀይም፣ ነገሩም እንዲንከባለል ሳልፈቅድ ምን ብዬ ልጻፍ?»

«ትሕትና ማለት መለማመጥ ነው»

በመድን ኩባንያ የካሳ ክፍል ውስጥ ለዓመታት ስሠራ እንዲህ የሚሉ ኢሜይሎች በየቀኑ ይደርሱኝ ነበር፦ «ሥራ እንደሚበዛባችሁ እረዳለሁ፣ ስላስቸገርኋችሁ ይቅርታ፣ ከተቻለ ብትተባበሩኝ።» ጸሐፊዎቹ ጨዋ ሰዎች ናቸው። ነገር ግን «ብትተባበሩኝ» ውለታ ሲለመን የሚነገር ቃል ነው። ስምምነት ተፈርሞበት ቀኑ ያለፈ ገንዘብ ውለታ አይደለም፣ ዕዳ ነው። ባለጉዳዩ ራሱ እንደ ውለታ ከጻፈው፣ የሚያነበውም ሠራተኛ ጊዜ ሲያገኝ የሚያየው ጉዳይ አድርጎ ያስቀምጠዋል።

አክብሮቱ በአንቱታው፣ በሰላምታው፣ ማንንም ባለመወንጀል ይገለጻል። ጥንካሬው ደግሞ በግሡና በቀኑ ላይ ነው። «በስምምነታችን መሠረት እስከ የካቲት 3 ቀን እንዲከፈለኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ» የሚለው ዓረፍተ ነገር ሁለቱንም ይዟል። «ቸልተኞች ናችሁ»፣ «ሆን ብላችሁ ነው» የሚሉት ግን የማያረጋግጡት ክስ ስለሆኑ ይቅሩ። ብዙ ጊዜ የዘገየው ደብዳቤውን በሚያነበው ሰው እጅ አይደለም። የካሳ ክፍል ጨርሶ ፋይሉ ፋይናንስ ዘንድ ፊርማ ሲጠብቅ ይገኛል። ቁጡ ኢሜይል የሚያስቀይመው ያንን ፋይል ተከታትሎ ሊያስፈርምልዎ የሚችለውን ሰው ነው።

«ታሪኩ ከመጀመሪያው መነገር አለበት»

አደጋው እንዴት እንደደረሰ፣ የትራፊክ ፖሊስ ሪፖርቱ፣ የሦስቱ ጋራዦች ፕሮፎርማ፣ ከገማቹ ጋር የተደረገው ክርክር፦ ይህ ሁሉ በፋይልዎ ውስጥ አለ። ስምምነቱ ሲፈረምም ተዘግቷል። እንደገና ሲጽፉት የተዘጋ ክርክር ይከፍታሉ፣ የሚፈልጉትም ነገር አራተኛው አንቀጽ ውስጥ ይቀበራል።

ከመጻፍዎ በፊት አንድ ነገር በጥንቃቄ ይቁጠሩ፤ ያለፈውን ቀን። «10 የሥራ ቀን» ሲባል ቅዳሜ ይቆጠራል ወይስ አይቆጠርም? የፈረሙት ሐሙስ ዕለት ነው። ከማግሥቱ ጀምሮ ቅዳሜን ከቆጠሩ ጊዜው ጥር 20 ያበቃል፣ ካልቆጠሩ ጥር 22። (ጥምቀት በዚያ ዓመት እሑድ ስለዋለ ቆጠራውን አይለውጠውም።) እርስዎ ጥር 22ን ይያዙ። ዘግይቶ የሚያበቃውን ቆጠራ የያዘን ሰው «ቀኑ ገና ነው» ብሎ መመለስ አይቻልም። አንዳንድ ቢሮዎች በፈረንጅ አቆጣጠር ስለሚሠሩም ዋናውን ቀን በሁለቱም ይጻፉት።

እኔ ብሆን ጥር 26 ሰኞ ጠዋት ይህን እልክ ነበር፦

> ርዕስ፦ የካሳ ፋይል ቁጥር …፣ ሰሌዳ ቁጥር …፦ ጥር 22 መከፈል የነበረበት 86,400 ብር
>
> ለካሳ ክፍል ኃላፊ፣
>
> ጥር 8 ቀን 2017 ዓ.ም. በፈረምኩት የካሳ ስምምነት መሠረት 86,400 ብር በ10 የሥራ ቀናት ውስጥ እንደሚከፈለኝ በዚያው ዕለት በቢሮአችሁ ተገልጾልኛል። ጊዜው ጥር 22 ቀን (ጃንዩወሪ 30) አብቅቷል፤ ገንዘቡ እስከ ዛሬ አልደረሰኝም።
>
> ክፍያው እስከ ሰኞ የካቲት 3 ቀን (ፌብሩወሪ 10) ከታች ወደተጠቀሰው የባንክ ሒሳቤ እንዲገባ በአክብሮት እጠይቃለሁ። ከእኔ የሚጠበቅ ሰነድ ካለ እስከ ሐሙስ ጥር 29 ቀን በጽሑፍ እንዲገለጽልኝ እጠይቃለሁ።
>
> የፈረምኩት ስምምነት ቅጂ ተያይዟል።

ስም፣ ስልክ፣ የባንክ ሒሳብ ቁጥር፤ በቃ። ርዕሱ ላይ የፋይል ቁጥሩና ገንዘቡ ስላሉ ኢሜይሉ ሳይከፈት ጉዳዩ ይታወቃል። «ተገልጾልኛል» የሚለው ቃልም ሥራ አለው፦ የተነገረዎት በቃል ብቻ ከነበረ አሁን በጽሑፍ ሰፈረ፣ ኩባንያውም ካልተስማማ መልስ መስጠት ይኖርበታል።

ስለ ሰነድ የሚጠይቀውን ዓረፍተ ነገር በፍጹም አይተውት። የጎደለ የሊብሬ ቅጂ ወይም የማይነበብ የሒሳብ ቁጥር ፋይል ይዞ ሳምንታት ሲያስቆጥር፣ ለባለጉዳዩ ግን ማንም ሳይደውልለት ሲቀር አይቻለሁ። ለዚህ ጥያቄ ከዋናው የቀረበ ቀን የሰጠነውም፣ የሚጎድል ነገር ቢኖር አሟልተው ለየካቲት 3 እንዲደርሱ ነው።

«ክስና ብሔራዊ ባንክ ቀድመው ከተጠቀሱ ይፈጥናሉ»

በመጀመሪያው ኢሜይል ላይ ሕግ ከተጠቀሰ ፋይሉ ወደ ሕግ ክፍል የሚሄድበት ዕድል ይሰፋል። እዚያ ደግሞ ተጨማሪ ወረፋ አለ። ሕጉ የሚመጣው የካቲት 3 አልፎ፣ በሁለተኛው ኢሜይል ነው። ያን ጊዜ ከላይኛው ጋር አያይዘው፣ ለሥራ አስኪያጁም በግልባጭ አድርገው አንድ ዓረፍተ ነገር ይጨምሩ፦ «ይህ ጽሑፍ በፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1772 የተመለከተው ማስጠንቀቂያ ሆኖ እንዲያዝልኝ እጠይቃለሁ።»

ይህ ማስፈራሪያ አይደለም። በሕጉ መሠረት ገንዘብ ሳይከፍል የዘገየ ባለዕዳ ወለድ የሚታሰብበት ማስጠንቀቂያ ከደረሰው ቀን ጀምሮ ነው፤ ሕጋዊው ወለድም በዓመት 9 በመቶ ነው። በእርስዎ ገንዘብ ሲሰላ በቀን 21 ብር ገደማ ስለሚሆን ኩባንያውን በወለዱ አስጨንቃለሁ ብለው አያስቡ። የዓረፍተ ነገሩ ጥቅም ኩባንያው ማስጠንቀቂያ የደረሰበትን ቀን መወሰኑ ነው። የመድን ኩባንያዎችን ለሚቆጣጠረው ብሔራዊ ባንክ አቤት ለማለት ቢወስኑም፣ ቀን የያዙት ሁለት ኢሜይሎች አቤቱታዎን በግማሽ ጽፈውልዎታል።

«ኢሜይል ማስረጃ አይሆንም፣ ማኅተም ያለው ደብዳቤ ብቻ ነው»

የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012 ለኤሌክትሮኒክ መልእክት ሕጋዊ ዕውቅና ሰጥቷል። ሆኖም መሥሪያ ቤቱ ለእርስዎ ቅርብ ከሆነ ሁለተኛውን ኢሜይል አትመው፣ ፈርመው፣ ለመዝገብ ቤት ያስገቡ። በቅጂዎ ላይ የገቢ ቁጥርና ቀን ያስጽፉበት። «አልደረሰንም» የሚለውን መልስ የሚዘጋው ይህ ነው።

«እየተጻጻፍን እስከሆነ ድረስ መብቴ አይነካም»

ከሁሉም የሚያሳስበኝ ይህ ነው። በንግድ ሕጉ ቁጥር 674 መሠረት ከመድን ውል የሚነሣ ጥያቄ በ2 ዓመት በይርጋ ይታገዳል። ቆጠራው የሚጀምረው በመሠረቱ አደጋው ከደረሰበት ቀን እንጂ ከመጨረሻው ኢሜይልዎ አይደለም። እርስዎ የሚልኩት ማስታወሻ ምንም ያህል ቢበዛ ቆጠራውን አያቆመውም። «በሚቀጥለው ሳምንት» እየተባሉ ወራት ካለፉ፣ አደጋው የደረሰበትን ቀን ፋይልዎ ሽፋን ላይ በትልቁ ይጻፉትና 2 ዓመቱ ከመሙላቱ ብዙ ወራት አስቀድመው ጠበቃ ያነጋግሩ። ኩባንያው «86,400 ብሩ በሒደት ላይ ነው» ብሎ የሚመልስልዎት አጭር ኢሜይል ካለ እሱን ለብቻው አትመው ያስቀምጡት፤ ዕዳውን ማመኑን የሚያሳየው ያ ነውና ጠበቃው መጀመሪያ የሚጠይቅዎት እሱን ነው።